መብት ስለሚባለው ቃል፤ ስለ ሊዝበርኑም ባለ ሉካንዳ ነገር

መብት የሚባለው ቃል በችሎትም በገበያም በጉባኤም ዘወትር ይነገራል። ባለ ርስቱ ሌላ ሰው ወደ እርሻዬ እንዳይገባ መብት አለኝ ይላል። ነጋዴው እንደ ወደድሁ የመነገድ መብት አለኝ ይላል። አባት ገንዘቤን ለወደድሁት በኑዛዜ የማውረስ መብት አለኝ ይላል። የሕዝብ እንደራሴም ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ የማልከሰስ መብት አለኝ ይላል። አራቱ ሰዎች የሚናገሩት ቃል አንድ ነው፤ ነገሩ ግን አራት ነው። በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ፍች ቢሸከም ኅብር ተብሎ ባለ ቅኔውን ያስመሰግነዋል፤ ሰሚውም ሁለቱን ፍች ለይቶ ካላወቀ ቅኔው ገባው አይባልም። በችሎት ግን ቃሉ አራት ፍች ተሸክሞ ሳለ ዳኛው እንደ አንድ ፍች የያዘው እንደ ሆነ፣ ከአንዱ ፍች ወደ ሌላው ሳይታወቀው ይሻገራል፤ በዚያም መሻገር የአንዱ እንጀራ ይጸናል፣ የሌላውም ይቆረሳል።

ይህን መሻገር ለይቶ ያሳየው ዌዝሊ ኒውኮም ሆፌልድ የሚባል አሜሪካዊ የሕግ መምህር ነው። ሆፌልድ በ1879 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ ተወለደ። በስታንፎርድ ሲያስተምር ሳለ በ1913 በዬል የሕግ መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በማግሥቱም ዓመት ወደ ዬል ተዛውሮ በ1917 ሁለተኛውን ጨመረበት። በ1918 ገና በ39 ዓመቱ ሞተ። ስሙን ያስጠሩት እነዚህ ሁለት ጽሑፎች ናቸው። ጽሑፎቹ ለማንበብ ደረቆች ናቸው፤ ተማሪዎቹም ትምህርቱ ከብዷቸው ያጉረመርሙ እንደ ነበር ይነገራል። የያዙት ሐሳብ ግን በአጭር ቃል ሊነገር የሚችል ነው።

ሐሳቡም እንዲህ ነው። በሕግ ፊት መብት የሚባል ነገር ሁሉ በሁለት ሰዎች መካከል የቆመ ግንኙነት ነው፤ ስለዚህ የአንዱን ወገን ስም በጠራን ጊዜ የሌላውንም ወገን ስም መጥራት ይገባናል። አበበ ለከበደ መቶ ብር ቢያበድር፣ አበበ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው፤ ከበደም የመክፈል ግዴታ አለበት። እነዚህ ሁለት ነገሮች አይደሉም፤ አንዱ ነገር ከሁለት ወገን ሲታይ ነው። ከበደ ግዴታ ከሌለበት አበበ የመጠየቅ መብት የለውም። ሆፌልድ መብት የሚለውን ስም በትክክል የሚገባው ይህ ብቻ ነው አለ።

ሁለተኛው ፍች ነጻነት ነው። በአንድ ገበያ ሁለት ጤፍ ሻጮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ፣ እህሉንም አበጥሮ ገዢውን ሁሉ ወደ እርሱ ቢስብ፣ ጎረቤቱ ጤፉን ሳይሸጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የከሰረው ሰው በዳኛ ፊት ሊከስ ይችላልን? አይችልም። አንደኛው ዋጋውን ላለመቀነስ ግዴታ አልነበረበትምና። ነገር ግን ይኸው ሕግ የከሰረውንም በማግሥቱ ዋጋውን ከእርሱ ይልቅ ዝቅ አድርጎ ገዢውን መልሶ እንዳይወስድ አይከለክለውም። እንግዲህ እያንዳንዳቸው ገዢ የመሳብ ነጻነት አላቸው፤ አንዳቸውም በሌላው ላይ ገዢዬን አትውሰድብኝ ብሎ የመጠየቅ መብት የላቸውም። አንድን ነገር ለማድረግ ነጻ መሆን ማለት፣ ያን ነገር ላለማድረግ ግዴታ አለመኖር ብቻ ነው። ስለ ነጻው ሰው ግዴታ ይናገራል፤ ስለ ሌላው ሰው ግዴታ ግን አንዳች ቃል አይናገርም።

እዚህ ላይ አንባቢ ቢጠይቅ ይገባዋል፤ ጎረቤቱ ተነሥቶ ሻጩን በዱላ ቢመታው፣ እህሉንም ቢደፋበት እንዴት ነው? ያ በእርግጥ ያስከስሳል። የሚያስከስሰው ግን የመሸጥ ነጻነት ስለ ተነካ አይደለም። ሰው አካሉ እንዳይመታ፣ ገንዘቡም እንዳይጠፋበት የመጠየቅ መብት አለው፤ የተጣሰውም ይህ ነው። ይህ መብት በነጻነቱ ዙሪያ እንደ አጥር ቆሞ አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቀዋል። አጥሩን አይተን ነጻነቱ ራሱ አጥር ነው ያልን ጊዜ ግን ስሕተቱ ይጀምራል፤ አጥሩ የማይደርስበት ቦታ አለና።

ሆፌልድ ይህን ስሕተት ያሳየው በታወቀ አንድ ክርክር ነው። በሰሜን አየርላንድ ከቤልፋስት አጠገብ ሊዝበርን በምትባል ከተማ ሊዘም የሚባል ባለ ሉካንዳ ነበረ። ከሃያ ዓመት በላይ በሥጋ ንግድ የኖረ ሰው ነው። በሉካንዳው የሚሠሩት ሰዎች የሥጋ ቆራጮች ማኅበር አባል አልነበሩም። በ1895 ማኅበሩ ከአባል ያልሆኑ ሰዎች ጋር አብረን አንሠራም ብሎ ተነሣ። ሊዘም ወደ ስብሰባቸው ሄዶ ስለ ሠራተኞቹ የሚጠየቀውን መቀጫና ዕዳ ሁሉ እከፍላለሁ፤ እነርሱን ግን ወደ ማኅበሩ አስገቧቸው ብሎ ለመናቸው። አልተቀበሉትም፤ ሰዎቹ አሥራ ሁለት ወር ያለ ሥራ በመንገድ ይዙሩ አሉ። ሊዘም ትናንሽ ልጆች ያሉትን አባወራ እንዲህ ማድረግ ጭካኔ ነው ቢልም አልሰሙትም።

ከሊዘም ደንበኞች አንዱ መንስ የሚባል የቤልፋስት ባለ ሉካንዳ ነበረ። በየሳምንቱ ሠላሳ ፓውንድ ያህል የሚያወጣ ሥጋ ከሊዘም ይወስድ ነበር። በመካከላቸው ግን የመግዛት ውል አልነበረም፤ ልማድ ብቻ ነበረ። የማኅበሩ ሹማምንት ወደ መንስ ልከው ከሊዘም መግዛት ያልተውህ እንደ ሆነ ሠራተኞችህ ሥራ ያቆማሉ አሉት። መንስም ፈርቶ መግዛቱን ተወ። ሊዘም ከማኅበሩ ሰዎች መካከል ኩዊንንና ባልንጀሮቹን ከሰሰ። ጁሪ የተባሉት ፈራጆች 250 ፓውንድ ካሣ ፈረዱለት፤ ኩዊን ይግባኝ ቢልም በ1901 የእንግሊዝ የመሳፍንት ምክር ቤት ፍርዱን አጸናው።

ከፈረዱት መሳፍንት አንዱ ሎርድ ሊንድሊ ነበሩ። የፍርዳቸው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሊዘም ሕግ ካልከለከለውና የሌላውን መብት ካልነካ በስተቀር እንደ ወደደ ሠርቶ ለመኖር ነጻ ነው፤ ይህም ነጻነት ከእርሱ ጋር ለመገበያየት ከሚወድ ሁሉ ጋር መገበያየትን ይጨምራል፤ ይህ ነጻነት በሕግ የታወቀ መብት ነው፤ ስለዚህ የእርሱ ግጣም የሆነ ግዴታ በሰው ሁሉ ላይ አለ፣ ማንም የራሱ ነጻነት ካልፈቀደለት በቀር እንዳያውከው።

ሲሰሙት የሚያረካ ነገር ነው። ሆፌልድ ግን በመካከሉ የተዘለለ ደረጃ አለ አለ። እስኪ ደረጃ በደረጃ እንውረደው። ሊዘም ለመነገድ ነጻ ነው፤ እውነት ነው። ትርጓሜውም አትነግድ ብሎ ሊከሰው የሚችል ሰው የለም ማለት ነው። መንስ ደግሞ ከወደደው ለመግዛትም ላለመግዛትም ነጻ ነው፤ ውል ስላልነበረ ሊዘም መንስን ግዛኝ ብሎ የመጠየቅ መብት አልነበረውም። የመንስ ሠራተኞችም እንዲሁ ናቸው፤ በውላቸው ካልታሰሩ ሥራቸውን ለመተው ነጻ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ነጻነት ነው፤ ግዴታ የለበትም። ታዲያ ማኅበሩ መንስን ላለማስፈራራት ለሊዘም ግዴታ ነበረበት የሚለው ነገር ከየት መጣ? ከሊዘም ነጻነት ሊመጣ አይችልም፤ የነጻነት ግጣም የሌላው ሰው ግዴታ ሳይሆን የሌላው ሰው መጠየቅ አለመቻል ነውና። የመጣው መብት ከሚለው ቃል ነው። ሎርድ ሊንድሊ ነጻነትን መብት ብለው ጠሩት፤ መብት ደግሞ ግዴታን እንደሚያስከትል ሁሉ ያውቃል፤ እንግዲህ ግዴታው ሳይፈለግ ከቃሉ ውስጥ ወጣ።

ሆፌልድ ይህን ሲል ፍርዱ ሐሰት ነው አላለም። ይህ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነገር ነው፤ ብዙ ሰዎች ሆፌልድን ለማኅበሩ ጠበቃ አድርገው ይወስዱታልና። ማኅበሩ ግዴታ ሊጣልበት ይገባል የሚል ዳኛ፣ ብዙ ሰዎች ተባብረው አንዱን ለመቅጣት ብቻ እንጀራውን ቢቆርጡ ይህ ለአገር ክፉ ነው ብሎ ምክንያቱን ይናገር። አይገባም የሚልም ዳኛ፣ ሠራተኛ ከጉልበቱ ሌላ መሣሪያ የለውምና እርሱን ከከለከልነው ምን ይቀረዋል ብሎ ምክንያቱን ይናገር። ሁለቱም የሚደመጡ ምክንያቶች ናቸው። ሊደረግ የማይገባው፣ ምርጫው በቃል ትርጓሜ የተገኘ መስሎ ተሰውሮ ማለፉ ነው።

ምርጫ እንደ ነበረም ከሌላ ፍርድ ይታወቃል። ከዚህ አሥር ዓመት አስቀድሞ በ1891 ይኸው የመሳፍንት ምክር ቤት የሞጉልን የመርከብ ኩባንያ ክርክር ፈርዶ ነበር። በቻይና ሻይ የሚጭኑ ባለ መርከቦች ተባብረው፣ ከእኛ ጋር ብቻ የሚጭን ነጋዴ ከኪራዩ ይመለስለታል ብለው፣ ኪራዩንም እስኪያከስር ድረስ ዝቅ አድርገው ሞጉልን ከንግዱ አስወጡት። ሞጉል ቢከስ ተረታ፤ ለራስ ንግድ መወዳደር ነጻነት ነው ተባለ። እንግዲህ ሞጉልም ለመነገድ ነጻ ነበረ፤ ከእርሱ ጋር ለመጫን የሚወዱ ነጋዴዎችም ነበሩ፤ ያከሰሩትም ተባብረው ነው። የሎርድ ሊንድሊ ቃል በራሱ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ለሞጉልም በበቃው ነበር። ዳኞቹ ሁለቱን የለዩበት ነገር ሐሳቡ ነው፤ ባለ መርከቦቹ የራሳቸውን ጥቅም ፈለጉ፣ የማኅበሩ ሰዎች ግን ሊዘምን መጉዳት ፈለጉ ተባለ። ይህ ልዩነት እውነት ሊሆን ይችላል፤ የማኅበሩ ሰዎች ግን እኛም የፈለግነው የራሳችንን እንጀራ ነው ማለታቸው አልቀረም። ክርክሩ ሁሉ ሊደረግ የሚገባው በዚህ ላይ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰው መብቴ ተነካ ባለ ጊዜ መፈተኛው ቀላል ነው። በማን ላይ ያለህ መብት? ያ ሰው ምን እንዲያደርግ ወይም ምን እንዳያደርግ? ግዴታውስ ከየት መጣ፤ ከውል ነው፣ ከሕግ ነው፣ ወይስ ከምን? ለሦስቱም ጥያቄ መልስ ካለው የመጠየቅ መብት አለው። ለሦስተኛው ጥያቄ እኔ ነጻ ስለ ሆንሁ ነው ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ ግን ያለው ነጻነት ብቻ ነው፤ ሌላም ምክንያት ሊፈልግ ይገባዋል። መንስ በውል ታስሮ ቢሆን ኖሮ ለምሳሌ የሊዘም መልስ ሌላ በሆነ ነበር፤ የሌላውን ውል እያወቁ ማስፈረስ በእንግሊዝ ችሎት ከ1853 ጀምሮ ያስከስስ ነበርና።

የቀሩት ሁለቱ ፍችዎች ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ። ሦስተኛው ሥልጣን ነው፤ ይኸውም ሰው በራሱ ፈቃድ የራሱን ወይም የሌላውን መብትና ግዴታ መለወጥ መቻሉ ነው። ኑዛዜ የሚጽፍ አባት፣ ውክልና የሚሰጥና የሚሽር ሰው፣ የቀረበለትን ዋጋ ይሁን ብሎ የሚቀበል ገዢ ሁሉ ሥልጣን አላቸው። የሥልጣን ግጣም ተገዥነት ነው፤ የሌላው ሰው መብት በዚህ ሰው ቃል ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው።

ሥልጣንን ከነጻነት ጋር የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸው፤ ሁለቱ ግን ሊለያዩ ይችላሉ። በ1893 የወጣው የእንግሊዝ የሽያጭ ሕግ እንዲህ ያለ ነገር አለበት። አንድ ሰው ኮርቻውን ለአንዱ ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ኮርቻው በእጁ ሳለ፣ ይህን ለማያውቅ ለሌላ ሰው በቅን ልቡና ለሚገዛ ሸጦ ቢያስረክበው፣ ኮርቻው የሁለተኛው ገዢ ይሆናል። ሻጩ ይህን ለማድረግ ነጻነት አልነበረውም፤ ለፊተኛው ገዢ ግዴታ አለበት፣ ካሣም ይከፍለዋል። ሥልጣን ግን ነበረው፤ በሠራው ክፉ ሥራ ኮርቻው ከአንዱ ወደ ሌላው በእውነት ተሻግሯልና። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1161ኛው ቁጥር የሚንቀሳቀስን ዕቃ በቅን ልቡና ገዝቶ የተረከበ ሰው ባለቤት እንደሚሆን ሲናገር የሚሄደው በዚሁ ሐሳብ ነው። ሊያደርገው አይገባም የሚለውና ቢያደርገውም አይጸናም የሚለው ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ ሁለተኛውን የጨመረ ፊተኛ ገዢ፣ ዕቃዬን ከሁለተኛው ላይ አስመልሳለሁ ብሎ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አራተኛው አለመነካት ነው፤ ሌላው ሰው የእኔን መብት ለመለወጥ ሥልጣን የለውም ማለት ነው። ይህም በሊዘም ነገር ፍጻሜ በደንብ ይታያል። ሊዘም ባሸነፈ በአምስተኛው ዓመት በ1906 የእንግሊዝ ፓርላማ አዲስ ሕግ አወጣ። በሥራ ክርክር ምክንያት የተደረገ ነገር፣ የሌላውን ሰው ንግድ ስላወከ ብቻ አያስከስስም፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው የማያስከስሰውም ነገር ብዙዎች ተባብረው ስላደረጉት አያስከስስም ብሎ ደነገገ። ፓርላማው በሥልጣኑ መሳፍንቱ የጣሉትን ግዴታ አነሣ፤ የግዴታውም ግጣም የነበረው የባለ ሉካንዳዎች የመጠየቅ መብት አብሮት ተነሣ። እንግሊዛውያን ለማኅበራት የተሰጠውን ይህን ነገር አለመነካት ብለው ይጠሩታል። በሆፌልድ ሚዛን ግን ነጻነት ነው እንጂ አለመነካት አይደለም፤ ግዴታ ተነሣላቸው እንጂ ፓርላማው ነገ መልሶ እንዳይጥልባቸው አልታሰረምና። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ የሚመስለው ሰው ከዚያ በኋላ የወጡትን ሕጎች ይመልከት፤ የእንግሊዝ ማኅበራት በአንዱ ዘመን የተሰጣቸውን በሌላው ዘመን ከፍሎ የሚወስድ ሕግ አይተዋል።

እውነተኛውን አለመነካት ማየት የሚወድ ሰው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት አንደኛ አንቀጽ አሥረኛ ክፍል ያንብብ። በዚያ፣ ማንኛውም የአሜሪካ ግዛት የውልን ግዴታ የሚያፈርስ ሕግ እንዳያወጣ ተከልክሏል። የግዛቱ ምክር ቤት እንዲህ ያለ ሕግ ቢያወጣ ግዴታውን አፍርሷል ተብሎ አይቀጣም፤ ሕጉ በዳኛ ፊት እንዳልወጣ ይቆጠራል እንጂ። ሥልጣን የማጣት ምልክቱ ይህ ነው፤ ግዴታ ያለበት ሰው ሥራው ያስቀጣዋል፣ ሥልጣን የሌለው ሰው ግን ሥራው አይጸናለትም።

ሚዛኑ የማይመዝነውም ነገር አለ። ሆፌልድ ግንኙነትን ሁሉ በሁለት ሰዎች መካከል ያቆማል፤ ነገር ግን በማንም አንድ ሰው ፊት ያልቆመ የሚመስል ግዴታ አለ። ግብር የመክፈል፣ ወይም ወንዝን ያለማቆሸሽ ግዴታ የማን የመጠየቅ መብት ግጣም ነው? የመንግሥት ነው ብንል፣ መንግሥት ሊምረው በሚችለው በደል ከወንዙ የሚጠጣው ሰው ባዶ ይቀራል። የእያንዳንዱ ጠጪ ነው ብንል ደግሞ፣ ሕጉ ለእያንዳንዱ ጠጪ የመክሰስ በር ያልከፈተ እንደ ሆነ መብቱ በስም ብቻ ይቀራል። ሊቃውንቱ በዚህ ላይ ከሆፌልድ በኋላም ተከራክረዋል፤ አንዳንዶቹ ግጣም የሌለው ግዴታ አለ ሲሉ፣ ሌሎቹ ግጣሙ ሕዝቡ ነው ይላሉ።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። ሊዘም በዚያ ስብሰባ ላይ የተናገረው ስለ መብት አልነበረም፤ ልጆች ስላሉት ሠራተኛ ነበረ። ማኅበሩ ለዚያ ሠራተኛ በሕግ ግዴታ እንደ ሌለበት ሚዛኑ ሊያሳይ ይችላል፤ ሊዘምም ሠራተኛውን ትቶ የማኅበሩን ሰው ለመቅጠር ነጻ እንደ ነበረ ያሳያል። ነጻ ሳለ ግን አልተወውም፤ መቀጫውን ከኪሱ ሊከፍል ሄደ። ለምን ሄደ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከሆፌልድ ስምንት ስሞች መካከል መልሱን የሚይዝ የለም።